አራት «ፒ» ያለበት 3.55፦ አንድ ትራንስክሪፕት ጎንደር ላይ እንዴት ተነበበ

## ዳራ

በ2017 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ጎንደር ከተማ ውስጥ አንድ የጤና ጥናት ፕሮጀክት የመረጃ ረዳት ለመቅጠር ማስታወቂያ አወጣ። ሥራው ከምዕራብ ጎንደር ቆላ ወረዳዎች የሚመጣውን የካላዛር ታካሚዎች መዝገብ አጽድቶ መተንተን ነው። መስፈርቶቹ ሦስት ነበሩ፦ የባዮሎጂ ወይም ተቀራራቢ ዲግሪ፣ የስታቲስቲክስ ኮርስ፣ እና 3.50 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ አጠቃላይ ጂፒኤ።

ቅጥሩን የያዘው ኮሚቴ ሦስት ሰው ነበረው። ፕሮጀክቱን የሚመሩት ዶክተር ሰብሳቢ ናቸው፤ የሒሳብ ኃላፊው አባል ናቸው። እኔ ሬጅስትራር ቤት ብዙ ዓመት ስለሠራሁ ትራንስክሪፕት የሚያይ ሰው ያስፈልጋል ተብዬ ገባሁ። ሰዎቹንም ተቋማቱንም በስም አልጠራም። ሁለቱም አመልካቾች ጉዳዩ እንዲጻፍ ፈቅደዋል።

ለመጨረሻው ዙር የቀረቡት ሁለት ወጣቶች የጎንደር ልጆች ናቸው። አንዷ ሁለተኛ ደረጃን እዚሁ ጨርሳ፣ በስኮላርሺፕ አሜሪካ ሄዳ ባዮሎጂ ተምራ የተመለሰች ናት። ጂፒኤዋ 3.55 ነው። ሌላው አገር ውስጥ ባዮሎጂ የተማረ ሲሆን ጂፒኤው 3.47 ነው። ማመልከቻዎቹን መጀመሪያ የለየችው ጸሐፊ እንደ ሥራዋ 3.50ን ይዛ ሄደች። የልጅቷን ፋይል አሳለፈች፤ የልጁን ወደ ጎን አደረገች። እኔ ፋይሎቹን ሳገላብጥ ሁለቱንም መልሼ ጠረጴዛው ላይ ያኖርኩት በልጅቷ ትራንስክሪፕት ላይ አራት ቦታ «ፒ» ስላየሁ ነው።

## «ፒ» በስሌቱ ላይ ምን ያደርጋል

ጂፒኤ እንዴት እንደሚሰላ ብዙ ሰው ያውቀዋል። የእያንዳንዱ ኮርስ ግሬድ ነጥብ በክሬዲቱ ይባዛል። ሁሉም ይደመርና ለጠቅላላው ክሬዲት ይካፈላል። «ፒ»፣ ማለትም «አልፏል» የሚለው ምልክት፣ ከሁለቱም ወገን ይወጣል። ከላይ ነጥብ አይጨምርም፤ ከታችም በአካፋዩ ውስጥ አይገባም። ክሬዲቱ ግን ለምረቃ ይቆጠራል።

ልጅቷ የተመረቀችው በ120 ክሬዲት ነው። ከዚህ ውስጥ 106ቱ በፊደል የተሰጡ ናቸው፤ 14ቱ «ፒ» ናቸው። 3.55 የ106ቱ አማካይ ነው። 376.3 ነጥብ ለ106 ሲካፈል 3.55 ይመጣል። 14ቱ ክሬዲቶች በዚህ ቁጥር ውስጥ የሉም። ወረቀቱ ላይ ግን «አጠቃላይ ጂፒኤ» ነው የሚለው። የሚያነበው ሰው የአራት ዓመቱ ሁሉ አማካይ ነው ብሎ ቢወስድ አይፈረድበትም።

«ፒ» ጂፒኤን ከፍ የሚያደርገው አንድ ሁኔታ ሲሟላ ብቻ ነው። የተሸፈነው ግሬድ ከሌሎቹ አማካይ በታች መሆን አለበት። አማካዩ 3.55 የሆነ ተማሪ በ«ፒ» ስር ቢ ቢኖረው ተጠቅሟል፤ ኤ ማይነስ ቢኖረው ተጎድቷል። ስለዚህ «ፒ» ስላለ ብቻ ጂፒኤው ተነፍቷል ማለት አይቻልም።

ሌላም ነገር አለ። በብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪው አንዳንድ ኮርስ በፊደል ፈንታ በማለፍና በመውደቅ እንዲያዝለት መምረጥ ይችላል፤ ይህን መርጦ የወደቀ ተማሪ ግን ኤፉ እንደ ዜሮ ይቆጠርበታል። እንዲህ ባለ ሕግ «ፒ» የሚሸፍነው መካከለኛውን ነው። ሲ ማይነስ፣ ሲ፣ ቢ፣ ኤ ሁሉም አንድ ዓይነት መልክ ይይዛሉ። ውድቀት ግን ይታያል። ለዚህ ነው «ፒ የበዛበት ሰው ወድቆ የተደበቀለት ነው» የሚለው ጥርጣሬ ብዙ ጊዜ ስህተት የሚሆነው።

እኛ ጋም «ፒ» የለም ማለት አይደለም። የልጁ ትራንስክሪፕት ላይ አንድ አለ። የአንደኛ ዓመት ፊዚካል ፊትነስ ነው። ያን ኮርስ ግን ሁሉም ተማሪ የሚወስደው በማለፍና በመውደቅ ስለሆነ አንዱን ከሌላው አያስበልጥም።

## አራቱ «ፒ» ከየት መጡ

መጀመሪያ ያየሁት ሴሚስተሩን ነው። ከአራቱ ሦስቱ እ.ኤ.አ. በ2020 የጸደይ ሴሚስተር የተወሰዱ ናቸው፦ ካልኩለስ ሁለት (4 ክሬዲት)፣ ጄኔራል ኬሚስትሪ ሁለት (4 ክሬዲት)፣ እና አንድ የታሪክ ኮርስ (3 ክሬዲት)። ያ ሴሚስተር በኮሮና ምክንያት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢያቸውን ዘግተው ተማሪ ወደ ኢንተርኔት የዞረበት ነው። ብዙዎቹ በፊደል ውጤት ፈንታ ማለፍና መውደቅን ፈቀዱ። አንዳንዶቹ ጭራሽ ግዴታ አደረጉት። የእሷ ዩኒቨርሲቲ ለተማሪው ምርጫ ሰጥቶ ነበር። ምርጫው የሚታወቀው ግን ከመጨረሻው ፈተና በፊት ነው። ግሬዱን አይቶ መወሰን አይቻልም ነበር።

አራተኛው ስታቲስቲክስ ነው፤ 3 ክሬዲት። የተወሰደው እ.ኤ.አ. በ2021 መጸው ሲሆን ያኔ ትምህርቱ ወደ መደበኛው ተመልሷል። ለባዮሎጂ ዲግሪዋ ግዴታ አልነበረም። ኮርሱን በምርጫ ስለወሰደችው ወደ «ፒ» ማዞር ይፈቀድላት ነበር፤ ግዴታ የሆኑ የሜጀር ኮርሶች ላይ ይህ አብዛኛውን ጊዜ አይፈቀድም።

ልብ በሉ፤ ማስታወቂያችን በስም ጠርቶ የጠየቀው ኮርስ ስታቲስቲክስ ነው። በራሷ ፈቃድ በመደበኛ ጊዜ የተሸፈነውም እሱ ብቻ ነው። እኔን ከቁጥሩ ይበልጥ ያሳሰበኝ ይህ ነው።

## በኮሚቴው የቀረቡት ሐሳቦች

የሒሳብ ኃላፊው አጭር መንገድ ነበራቸው። «ስሚኝ እህቴ፣ አንድ ሰው ኤ ካለው ለምን ይደብቀዋል? ፒውን ሁሉ ሲ ብለን እንቁጠረውና እንለፍ» አሉ። አሰላነው። ሲ 2.0 ነው። 14 ክሬዲት በ2.0 ሲባዛ 28 ነጥብ ነው። 404.3 ለ120 ሲካፈል 3.37 ይመጣል። በዚህ ስሌት ልጅቷ ወዲያው ትወድቃለች።

ሐሳቡን አልተቀበልኩትም። ምርጫው ከፈተናው በፊት የሚደረግ ከሆነ ተማሪው የሚደብቀው ግሬድ ገና የለውም። ለሥጋቱ መድን እየገዛ ነው። ፈርቶ «ፒ» ያለ ተማሪ ኋላ ኤ ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ «ፒ» ማለት «ሲ» ነው የሚል ሕግ ሁሉንም አንድ ላይ ይቀጣል።

ዶክተሩ ደግሞ በተቃራኒው 3.55ን እንዳለ እንቀበል አሉ። «ዩኒቨርሲቲው ራሱ ያተመውን ቁጥር እኛ ማን ነን የምንቀይረው?» ይህም ክብደት ያለው ክርክር ነው። ችግሩ ከልጁ 3.47 ጋር ስናስተያየው ይወጣል። ከእሱ ቁጥር ውስጥ ከፊዚካል ፊትነስ በቀር ምንም አልተነሣለትም። በመጋቢት 2012 የእኛ ዩኒቨርሲቲዎች ሲዘጉ እሱም ቤቱ ተልኳል። ሲመለስ ኮርሶቹን ጨረሰ፤ ውጤቱም በፊደል ተያዘለት። በዚያ ዓመት የማትስ ኮርስ ላይ ሲ፣ ጄኔራል ፊዚክስ ላይ ሲ ፕላስ ገብቶበታል። ሁለቱም ሦስት ሦስት ክሬዲት ናቸው።

እስቲ እሱም የእሷ ዓይነት ምርጫ ነበረው እንበል። ጠቅላላ ክሬዲቱ 140፣ ነጥቡ 485.75 ነው። ሁለቱን ኮርሶች ብናወጣ 472.25 ለ134 ይካፈላል። ውጤቱ 3.52 ነው። በሌላ አነጋገር በሁለት «ፒ» ብቻ ከበሩ ውጭ የነበረው ልጅ በሩን ያልፋል። ይህን ወረቀት ላይ ጽፌ ሳሳያቸው ዶክተሩ ዝም ብለው አዩትና «እንግዲያው ሁለቱንም እንጥራ» አሉ።

## ወለልና ጣሪያ

ልጅቷን ከመጥራታችን በፊት አንድ ሥራ ሠራሁ። የተሸፈነውን ባናውቀውም የት እና የት መካከል እንዳለ ማወቅ ይቻላል። በትራንስክሪፕቱ ጀርባ ያለው ማብራሪያ «ፒ» የሚሰጠው ለሲ ማይነስና ከዚያ በላይ ነው ይላል። በእነሱ ስኬል ሲ ማይነስ 1.7 ነው። አራቱም ሲ ማይነስ ቢሆኑ እውነተኛው ጂፒኤ 3.33 ይሆናል። አራቱም ኤ ቢሆኑ 3.60 ይሆናል።

ስለዚህ ስለ ልጅቷ በእርግጠኝነት ማለት የምንችለው «ከ3.33 እስከ 3.60» ነው። የእኛ 3.50 መሐል ላይ ተቀምጧል። የሚያልፍም የሚወድቅም አንድ ሰው ነው። ወለሉና ጣሪያው ሁለቱም ከ3.50 በላይ ቢሆኑ ኖሮ እዚህ ላይ እንቆም ነበር፤ መጠየቅ አያስፈልግም። ሁለቱም በታች ቢሆኑም እንደዚያው። መጠየቅ የግድ የሚሆነው መስመሩ በመካከላቸው ሲያልፍ ነው።

ይህ ስሌት ማንንም አይወነጅልም። አንድ ካልኩሌተርና የትራንስክሪፕቱ ጀርባ ይበቁታል። ብዙ ቀጣሪ ግን ጀርባውን አይገልጠውም፤ ፎቶ ኮፒ ሲደረግም ብዙ ጊዜ የፊቱ ገጽ ብቻ ነው የሚነሣው። የእሷም ፋይል ውስጥ መጀመሪያ የነበረው የፊቱ ብቻ ነበር። ጀርባውን እንድታመጣ አስደውለን ነው ያገኘነው።

## ልጅቷ ስትጠየቅ

መጣች። ዶክተሩ አራቱን ኮርሶች እየጠቆሙ ምክንያቱን ጠየቋት። አልተሸማቀቀችም፤ አልተቆጣችምም።

«ዶክተር፣ የ2020ውን ልንገርዎት» አለች። «ዶርም ሲዘጋ ወደ ጎንደር መምጣት አልቻልኩም። አንድ ዘመድ ቤት ሳሎን ውስጥ ነበር የምማረው። ከአምስት ኮርስ ሦስቱን ፒ ያደረግኩት ስኮላርሺፑ እንዳይነጠቅብኝ ፈርቼ ነው። የታሪክ ኮርሱ ውጤት ጥሩ እንደሚሆን ባውቅ አልነካውም ነበር።»

ስታቲስቲክሱስ? እዚህ ላይ ትንሽ ቆየች። «እሱ በምርጫዬ ነው። ያን ሴሚስተር ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ከብዶኝ ነበር። ስታቲስቲክሱን ፒ ሳደርግ ጊዜ አገኘሁ። እውነቱን ለመናገር ከዚያ በኋላ ለማለፍ ያህል ነው ያነበብኩት።»

ይህ መልስ ከማንኛውም ግሬድ የበለጠ ነገረን። «ፒ» ግሬድን ከመሸፈኑ ባሻገር ተማሪው ጉልበቱን የት እንደሚያውል ይለውጣል። ከማለፊያው በላይ ያለው ልፋት በወረቀት ላይ ዋጋ ስለሌለው ጉልበቱ ወደ ሌላ ኮርስ ይሄዳል። ያ ሌላ ኮርስ በፊደል ስለሚያዝ ጂፒኤው በዚያም በኩል ከፍ ይላል። የኦርጋኒክ ኬሚስትሪዋ ኤ ማይነስ በከፊል ከስታቲስቲክስ የተወሰደ ጊዜ ነው። ይህን ደግሞ የትኛውም ስሌት መልሶ አያወጣውም።

ከዚያ የፊደል ውጤቶቹን ጠየቅናት። በብዙ ዩኒቨርሲቲ መምህሩ ማን «ፒ» እንደመረጠ አያውቅም፤ እንደወትሮው ፊደል ይሰጣል፤ የሚቀይረው ሬጅስትራሩ ነው። የእሷም እንደዚያ ስለነበር ፊደሎቹ አንድ ቦታ አሉ። ለዩኒቨርሲቲዋ ሬጅስትራር ጻፈች። መልሱ ከሳምንታት በኋላ መጣ፤ «ፒ» ከሆነ በኋላ የቀድሞውን ፊደል ለማንም አንሰጥም የሚል ነው። ይህ መንገድ አልሠራም። ቅጥሩንም አዘገየብን።

የሠራው ሌላው ነው። በራሷ ፈቃድ ከመምህራኖቿ የደረሷትን ኢሜሎችና የኮርስ ገጾቿን አሳየችን፦ ካልኩለስ ሲ ፕላስ፣ ኬሚስትሪ ቢ፣ ታሪክ ኤ ማይነስ፣ ስታቲስቲክስ ሲ። ማኅተም የለውም። እንደ ማስረጃ ሳይሆን እንደ መረጃ ነው የያዝነው።

## ስኬሉም ራሱ ሌላ መጋረጃ ነው

በእነዚህ ፊደሎች ስናሰላ 38.3 ነጥብ ይጨመራል። 414.6 ለ120 ሲካፈል 3.455 ነው። የሒሳብ ኃላፊው «ይኸው፣ አላልኩም?» አሉ። ከ3.50 በታች ናት።

እኔ ግን አንድ ነገር ቀርቶናል አልኩ። ልጅቷ የተለካችው በአሜሪካ ስኬል ነው፤ ልጁ በእኛ። በእሷ ዩኒቨርሲቲ ኤ ማይነስ 3.7 ነው፤ እኛ ጋ 3.75 ነው። ቢ ፕላስ እዚያ 3.3፣ እዚህ 3.5 ነው። ሲ ፕላስ እዚያ 2.3፣ እዚህ 2.5 ነው። ፊደሉ አንድ ሆኖ ነጥቡ ይለያያል። በተለይ የቢ ፕላሱ ልዩነት ትንሽ አይደለም፤ ልጅቷ 21 ክሬዲት ቢ ፕላስ ነበራት።

ስለዚህ የእሷን ፊደሎች በሙሉ በእኛ ስኬል መልሼ ቆጠርኩ። አራቱን «ፒ»ዎች በፊደላቸው አስገብቼ 421.25 ለ120 አካፈልኩ። 3.51 ሆነ።

ይህን ቁጥር ሁለት ጊዜ ነው የፈተሽነው። የ«ፒ»ው መጋረጃ ጂፒኤዋን ከፍ አድርጎት ነበር። የስኬሉ ልዩነት ደግሞ ዝቅ አድርጎት ነበር። የስኬሉ ልዩነት «ፒ»ው ከፍ ያደረገውን ከግማሽ በላይ ያጠፋዋል። አንዱን ብቻ አርሞ የሚቆም ኮሚቴ ልጅቷን ያለ አግባብ ይጥላታል። ሁለቱም ሳይታረሙ ሲቀሩ ደግሞ ልጁ ከበር ይመለሳል።

በአንድ ሚዛን ሲቀመጡ 3.51 እና 3.47 ናቸው። ልዩነታቸው 0.04 ነው። በዚህ ልዩነት ሰው አይመረጥም።

## ፈተናው

ዶክተሩ አንድ ነገር አነሡ። የአሜሪካ የሕክምና ፈቃድ ፈተና የመጀመሪያው ክፍል፣ ስቴፕ ዋን የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ውጤቱ «አልፏል» ወይም «ወድቋል» ብቻ ሆኗል። «ጎንደር ተምረው ወደዚያ የሚያመለክቱ ልጆቻችን በስቴፕ ዋን ነጥብ ነበር ራሳቸውን የሚያሳዩት። ቁጥሩ ሲጠፋ ክብደቱ ወደ ስቴፕ ቱ ሄደ፤ ወደ ትምህርት ቤቱ ስምና ወደ ደጋፊ ደብዳቤ ሄደ» አሉ። እውነት ነው። አንድ ቁጥር ሲሸፈን መራጩ መምረጡን አያቆምም፤ ሌላ ነገር ላይ ይደገፋል። እኛ የምንደገፍበት ነገር ከሥራው ጋር የተያያዘ እንዲሆን ተስማማን።

የሦስት ሰዓት የተግባር ፈተና አዘጋጀን። ከመዝገቡ የታካሚዎች ስም ወጥቶ የተወሰነ ክፍል ተሰጣቸው። ጤና ጣቢያዎቹ ቀን የሚጽፉት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። ኮምፒውተሩ ግን የፈረንጅ መስሎት ያነበዋል። ጳጉሜ 13ኛ ወር ስለሆነች ፕሮግራሙ አልቀበልም ይላል፤ ሁለቱም ወዲያው ገባቸው። የካቲት 30 ግን 30/06 ተብሎ ስለሚጻፍ ፕሮግራሙ የፈረንጆቹ ጁን 30 ነው ብሎ ዝም ብሎ ይቀበለዋል። ልጁ ያስተካከለው ፕሮግራሙ የጮኸባቸውን ቀኖች ብቻ ነው። ልጅቷ ያልጮኸባቸውም ሁሉ ስህተት መሆናቸውን አይታ ዓምዱን በሙሉ ቀየረችው። በጣም ጥሩ ሥራ ነው።

ሁለተኛው ክፍል ትንተና ነበር። ከ41 ታካሚዎች ውስጥ በሽታው ያገረሸባቸው 6 ናቸው። በሁለት ወረዳዎች መካከል ልዩነት አለ ወይ ተብለው ተጠየቁ። ልጅቷ ካይ ስኩዌር ሠርታ መልሱን ጻፈች። R የተባለው ፕሮግራም `Chi-squared approximation may be incorrect` የሚል ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር፤ አለፈችው። ቁጥሩ እንዲህ ሲያንስ፣ በሠንጠረዡ ውስጥ የሚጠበቀው ብዛት ከ5 በታች ሲሆን፣ ያ መለኪያ አይታመንም። ልጁ ይህን አይቶ የፊሸርን መለኪያ ተጠቀመ፤ ምክንያቱንም በአንድ መስመር ጻፈ። የባዮስታቲስቲክስ ግሬዱ ኤ ማይነስ ነው።

ፍትሐዊ ለመሆን እሱንም የጠየቅነው አንድ ነገር አለ። ለማመልከቻው የመውጫ ፈተና ማለፉን ብቻ ጽፎ ነበር። የማለፊያው ነጥብ 50 ነው፤ 50 ያመጣም 90 ያመጣም አልፏል። ውጤቱን አምጣ አልነው። 71 ነበር።

ሥራው ለልጁ ተሰጠ። ምክንያቱ ጂፒኤ አይደለም። በፕሮጀክቱ ውስጥ ትንተናውን የሚያርም ሌላ ሰው አልነበረም። የቀን ስህተቱን ግን ዶክተሩም ጸሐፊዋም ያውቁታል። ለልጅቷ ምክንያቱን በዝርዝር ነገርናት። የቀን ማስተካከያ ዘዴዋን ፕሮጀክቱ በስሟ ይዞ እየተጠቀመበት ነው።

## ለሌላ ኮሚቴ የሚሆነው

ከዚህ ጉዳይ ወደ ሌላ ቦታ የሚሄደው ጥቂት ነው፤ ግን የሚሠራ ነው።

ከጂፒኤው ቁጥር በፊት አካፋዩን ጠይቁ። ስንት ክሬዲት ነው የተቆጠረው? ለምረቃ የተያዘው ክሬዲትና ለጂፒኤ የተያዘው ክሬዲት ካልተመሳሰሉ ልዩነቱ የ«ፒ» ነው፤ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የተዛወረ ክሬዲትም ሊሆን ይችላል። ብዙ ትራንስክሪፕት ሁለቱንም ታች ላይ ጎን ለጎን ያትማቸዋል።

«ፒ»ው የተወሰደበትን ሴሚስተር ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2020 የተሰበሰቡ «ፒ»ዎች የሚነግሩን ስለ ዓለሙ ሁኔታ ነው። የአንዳንድ ዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመትም እንዲሁ ነው፤ ኤምአይቲ ለምሳሌ የአዲስ ገቢዎቹን የመጀመሪያ ሴሚስተር ሆን ብሎ በማለፍ ብቻ ይይዛል፤ የወደቁበት ኮርስ ለውጭ በሚሰጠው ትራንስክሪፕት ላይ አይወጣም። በዚህ ተማሪውን መጠየቅ አግባብ አይደለም። ብቻውን በመደበኛ ሴሚስተር የተቀመጠ «ፒ»፣ በተለይ ለሥራው በሚያስፈልግ ኮርስ ላይ ከሆነ፣ መጠየቅ አለበት።

ወለልና ጣሪያ አስሉ። ወለሉ የሚመጣው ከትራንስክሪፕቱ ጀርባ ነው፤ የማለፊያው ግሬድ በአንዱ ዩኒቨርሲቲ ሲ፣ በሌላው ሲ ማይነስ ወይም ዲ ሊሆን ይችላል። «ሲ ነው» ብሎ መገመት አይበቃም።

የዘዴው ወሰንም ግልጽ ይሁን። «ፒ» ከጥቂት ክሬዲቶች ካለፈ ወለሉና ጣሪያው በጣም ይራራቃሉ፤ ያኔ ጂፒኤው ለመለያነት አይሆንም። ዶርሙ የተዘጋበት ተማሪና የሰነፈ ተማሪም ወረቀት ላይ አንድ ፊደል ነው ያላቸው። ያን የሚለየው ጥያቄና የሥራ ፈተና ነው። በራሷ ፈቃድ ኢሜሏን ያሳየችን ልጅ አጋጥማን እንጂ፣ አላሳይም ብትል መብቷ ነበር። በዚያ ላይ ነጥብ መቀነስ አይገባንም ነበር።

ፕሮጀክቱ ቀጣዩን ማስታወቂያ ሲያወጣ 3.50 የሚለው መስመር ተሰርዟል። በምትኩ የገባው ይህ ነው፦ «አመልካቾች የትራንስክሪፕታቸውን ሁለቱንም ገጾች ያቅርቡ። ስታቲስቲክስን በማለፍ/መውደቅ የወሰዱ ማመልከት ይችላሉ፤ የተግባር ፈተናው ለሁሉም አንድ ነው።»